ያልተጻፈው «ነው»

በአረብኛ «ቤቱ ትልቅ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል፤ «አል-በይት ከቢር»። «አል-በይት» ቤቱ ማለት ነው፣ «ከቢር» ደግሞ ትልቅ። «ነው» የሚለውን ቃል ብንፈልገው አናገኘውም። ለማሳጠር ተብሎ የተቆረጠ ወይም በችኮላ የተዋጠ ነገር የለም። ዐረፍተ ነገሩ በአረብኛ ተናጋሪ ጆሮ ሙሉ ነው። ልጅ ከእናቱ ጋር ሲያወራ እንዲህ ይላል፤ የሕግ ባለሙያም ውል ሲያረቅቅ እንዲሁ ይጽፋል።

ለእኛ ይህ ግር ይላል። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ነው» ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ቤቱን ከትልቅነቱ ጋር ያያይዛል፣ ንግግሩም እዚህ ላይ እንዳበቃ ይነግረናል። «ትልቅ ቤት» ብሎ ዝም ያለን ሰው «እሺ፣ ምን ሆነ?» ብለን እንጠብቀዋለን። «ቤቱ ትልቅ ነው» ካለ ግን ጨርሷል። ታዲያ ማሰሪያ የሌለው አረብኛ ተራ ሐረግን ካለቀለት ዐረፍተ ነገር በምን ይለያል?

መልሱ ያለው «አል» በምትባለው ትንሽ ቃል ውስጥ ነው። «አል» በእንግሊዝኛ የ«ዘ»ን፣ በአማርኛ ደግሞ በ«ቤቱ» መጨረሻ ላይ ያለችውን የ«ኡ» ድምፅ ሥራ ትሠራለች፤ የሚነገርለት ነገር የታወቀ መሆኑን ታመለክታለች። ሁለቱን ቃላት ሳንለውጥ «አል»ን ብቻ ከቦታ ቦታ ብናዘዋውራት የሚሆነው ይህ ነው። በሁለቱም ላይ ከሌለች፣ «በይት ከቢር»፣ «ትልቅ ቤት» የሚል ሐረግ ነው፤ የትኛው ቤት እንደሆነ አይታወቅም። በሁለቱም ላይ ካለች፣ «አል-በይት አል-ከቢር»፣ «ትልቁ ቤት» ነው፤ አሁንም ሐረግ ነው፣ አላለቀም። በመጀመሪያው ላይ ኖራ ከሁለተኛው ከጠፋች፣ «አል-በይት ከቢር»፣ «ቤቱ ትልቅ ነው» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ከመጀመሪያው ጠፍታ በሁለተኛው ላይ ከመጣች፣ «በይት አል-ከቢር»፣ ነገሩ ወደ ባለቤትነት ይዞርና «የትልቁ ሰውዬ ቤት» ይሆናል።

እንግዲህ «ነው» የሚኖርበት ቦታ «አል» ያለው ስም አልቆ «አል» የሌለው ቃል የሚጀምርበት መጋጠሚያ ነው። አረብኛ በቃል የማይናገረውን በዚህ መጋጠሚያ ይናገራል።

እኛም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እዚህ ላይ የምንሳሳትበት ምክንያት አንድ ነው። በአማርኛ «ትልቁ ቤት» ስንል የታወቀነቱ ምልክት አንድ ጊዜ፣ በቅጽሉ ላይ፣ ከተነገረ በቂ ነው። በእንግሊዝኛም «ዘ ቢግ ሃውስ» ሲባል «ዘ» አንድ ጊዜ ብቻ ትመጣለች። ስለዚህ «አል-በይት ከቢር» የሚለውን ያየ ጀማሪ «አንዲት ‹አል› አለች፣ ትበቃለች» ብሎ «ትልቁ ቤት» ብሎ ይተረጉመዋል። አረብኛ ግን ቅጽሉ ስሙን በሁሉም ነገር እንዲከተለው ያስገድዳል። ስሙ «አል» ካለው ቅጽሉም ሊኖረው ግድ ነው። ከሌለው ቅጽሉ ስሙን እየገለጸ አይደለም፤ ስለ ስሙ አዲስ ነገር እየነገረን ነው።

ይህ ልዩነት ክፍል ውስጥ የሚቀር የሰዋስው ጣጣ እንዳይመስል፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው በሚፈርመው ዓይነት ውል ላይ ሊገኝ የሚችል አንድ መስመር እንመልከት፤ «አል-ኢጃዛ አስ-ሰነዊያ መድፉዐ»። «ኢጃዛ» ፈቃድ ነው፣ «ሰነዊያ» ዓመታዊ፣ «መድፉዐ» የተከፈለ ወይም ክፍያ ያለው። «አስ» የምትለዋ ያው «አል» ናት። ከ28ቱ የአረብኛ ፊደላት በ14ቱ ፊት ስትመጣ «ል» ትዋጥና የሚቀጥለው ድምፅ ይጠብቃል፤ በጽሑፍ ግን አትለወጥም፣ ዓይን ሁልጊዜ ያያታል። አሁን መጋጠሚያውን እንፈልግ። የመጀመሪያው ቃል «አል» አለው። ሁለተኛውም አለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽል ነው፣ «የዓመት ፈቃዱ» እንደማለት። ሦስተኛው የለውም። መጋጠሚያው እዚያ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ «የዓመት ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው» የሚል ነው።

በሦስተኛው ቃል ላይ «አል» ብንጨምርስ? «አል-ኢጃዛ አስ-ሰነዊያ አል-መድፉዐ» ሲባል ሦስቱም ተደምረው አንድ ሐረግ ይሆናሉ፤ «ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ…»። ገና አላለቀም፣ ቀጣይ ይጠብቃል። ቀጥሎ «ሰላሱነ የውመን» ቢል፣ ማለትም 30 ቀን፣ ትርጉሙ «ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ 30 ቀን ነው» ይሆናል። የመጀመሪያው መስመር የዓመት ፈቃድ ሁሉ ደመወዝ እንዳለው ያረጋግጣል። ሁለተኛው የሚናገረው ደመወዝ ያለው ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከእሱ ሌላ ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ይኑር አይኑር አይነግረንም። ከወረቀቱ ላይ የተለወጠው አንዲት «አል» ናት። ውል የሚተረጉም ሰው እያንዳንዷን «አል» በጣቱ እየነካ ማንበብ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የአረብ የሰዋስው ሊቃውንት ለዚህ ዐይነቱ ዐረፍተ ነገር የቆየ ስም አላቸው። ወሬው የሚጀመርበትን ስም «ሙብተዳ» ይሉታል፣ መነሻ እንደማለት፤ ስለ እሱ የሚነገረውን «ኸበር»፣ ወሬ ወይም ዜና እንደማለት። ስያሜዎቹ በ8ኛው መቶ ዓመት በባስራ ይኖር በነበረው በሲበወይህ ሥራ ውስጥ ይገኛሉ። ሲበወይህ ትውልዱ ፋርሳዊ ነበር፤ መጽሐፉም «አል-ኪታብ» እየተባለ እስከ ዛሬ የአረብኛ ሰዋስው መሠረት ተደርጎ ይታያል። በወሎ የነህው ትምህርት የቀመሰ ደረሳም «ሙብተዳ»ንና «ኸበር»ን ለጀማሪ ከሚቀራው «አጅሩሚያ» ጀምሮ ያውቃቸዋል። ልብ ማለት ያለብን እነዚህ ሊቃውንት የጎደለ ግሥ አልፈለጉም። መነሻ አለ፣ ዜና አለ፤ ሁለቱ ከተገናኙ ንግግር ተሟልቷል። «ነው የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ የእኛና የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጥያቄ ነው።

ይህ ሲባል ግን አረብኛ «መሆን» የሚል ግሥ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት መሄድ ሲፈልግ ያወጣዋል። «ቤቱ ትልቅ ነበር» ለማለት «ካነ አል-በይቱ ከቢረን» ይላል። ወደፊት ከሆነ «ሰየኩኑ» ይመጣል፣ «ይሆናል»። «አይደለም» ለማለት «ለይሰ» የሚል ቃል አለ፤ «ለይሰ አል-በይቱ ከቢረን»፣ «ቤቱ ትልቅ አይደለም»። ከእነዚህ አንዱ ሲገባ የዜናው ቃል መጨረሻ ይለወጣል፤ በተሟላ አነባብ «ከቢሩን» የነበረው «ከቢረን» ይሆናል። የአናባቢ ምልክት ባልተደረገበት ጽሑፍ እንኳ ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ በቃሉ መጨረሻ ላይ በምትጨመር አንዲት የ«አሊፍ» ፊደል ይታያል። እንግዲህ ግሥ አለመኖሩ ራሱ መልእክት ነው፤ ነገሩ አሁን ያለ ወይም ሁልጊዜ የሚሆን ነው ማለት ነው።

«ካነ» ለእኛ ባዕድ አይደለም። የግዕዙ «ኮነ» የሥጋ ዘመዱ ነው፤ የአማርኛው «ሆነ» ደግሞ ከ«ኮነ» የመጣ ነው። የእኛን «ነው» ጠጋ ብለን ብናየውም እንደ ሌሎቹ ግሦች አለመሆኑ ይታወቃል። «ነኝ፣ ነህ፣ ነው» የሚለውን ከ«መታኝ፣ መታህ፣ መታው» ጋር ብናስተያየው መጨረሻዎቹ አንድ ናቸው፤ ባለቤቱ የተመለከተው ተሳቢ በሚመለከትበት ምልክት ነው። ኃላፊ ጊዜም ከራሱ የለውም፤ «ነበር»ን ይዋሳል፣ እሱም በግዕዝ «ተቀመጠ» ማለት ከነበረው ግሥ የመጣ ነው። የአሁኑን ጊዜ በተራ ግሥ አለማሰር የሴም ቋንቋዎች የጋራ ጠባይ ስለሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አረብኛ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው።

ይህ ቅርበት ይበልጥ የሚታየው መነሻውም ዜናውም «አል» ይዘው ሲመጡ ነው። «ኃላፊው ሥራ አስኪያጁ ነው» ለማለት የፈለገ ሰው «አል-ሙዲር አል-መስኡል» ቢል ችግር ይፈጠራል። መጋጠሚያው ጠፍቷል፤ ሰሚው «ኃላፊ የሆነው ሥራ አስኪያጅ» የሚል ሐረግ ሰምቶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ ተናጋሪው በመሀል «ሁወ» የምትል ተውላጠ ስም ያስገባል፤ «አል-ሙዲር ሁወ አል-መስኡል»። «ሁወ» በሌላ ቦታ «እሱ» ማለት ናት። እዚህ ግን ሥራዋ መለየት ብቻ ነው፤ ሊቃውንቱም «የመለያ ተውላጠ ስም» ይሏታል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ «ውእቱ»ን ያስታውሳል። «ዝንቱ ብእሲ ጠቢብ ውእቱ» ሲባል «ውእቱ» በሌላ ቦታ «እሱ» የሚለው ቃል ሆኖ ሳለ እዚህ የ«ነው»ን ሥራ ይሠራል።

በትርጉም ላይ የሚደርሰው ጥፋት «ሁወ»ን በቀጥታ ወስዶ «ሥራ አስኪያጁ እሱ ኃላፊው ነው» ማለት ነው። አማርኛው ይወላከፋል። «ሁወ» የምትጨምረው ሌላ ነገር አለ፤ ኃላፊው ሌላ ማንም ሳይሆን ሥራ አስኪያጁ ነው የሚል ማጥበቂያ። አማርኛ ይህን የሚያደርገው በቃላት ቅደም ተከተል ነው፤ ትኩረት የሚፈልገውን ቃል ከ«ነው» ጎን ያስቀምጠዋል። «ኃላፊው ሥራ አስኪያጁ ነው» ስንል ጥብቀቱ ሥራ አስኪያጁ ላይ ያርፋል። ሰውዬውን ጠቁሞ የሚናገር አረብ ሦስት ነገር ሊል ይችላል። «ሃዛ ረጁል»፣ «ይህ ወንድ ነው»። «ሃዛ አር-ረጁል»፣ «ይህ ሰውዬ…»፣ አላለቀም። «ሃዛ ሁወ አር-ረጁል»፣ «ሰውዬው ይህ ነው»፤ ስንፈልገው የነበረው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

እስካሁን መጋጠሚያው ላይ ያስገባነው ቃል ሁልጊዜ «ነው» ወይም ዘመዱ ነበር። እንግሊዝኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ ከእኛ ይልቅ ይቀለዋል፤ «ኢዝ» ለብዙ ነገር ይበቃዋል። አማርኛ ግን ምርጫ ያስገድደናል፣ «ነው» ወይስ «አለ»? «አር-ረጁል ፊ አል-በይት» ሲባል «ፊ» ውስጥ ማለት ነው፤ «ሰውዬው ቤት ውስጥ ነው» ወይም «ሰውዬው ቤት ውስጥ አለ» ብንል ያስኬዳል፤ የት ነው ተብሎ ተጠይቆ ከሆነ የመጀመሪያው፣ አለ ወይስ ወጥቷል ተብሎ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ «አል»ም ከሰውዬው ላይ ወርዳ፣ «ፊ አል-በይት ረጁል» ከተባለ ግን ምርጫ የለም፤ «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ»። እንግሊዝኛውም «ዜር ኢዝ» ወደሚለው ይዞራል። የማይታወቅ ነገር በአረብኛ መነሻ ሆኖ ፊት ለፊት መቆም ስለማይወድ ቦታው ወደ ፊት ይመጣል፣ ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ባለቤትነትም በዚሁ መንገድ ይነገራል። «ዒንዲ ሰያራ» ቃል በቃል «እኔ ዘንድ መኪና» ነው፤ በአማርኛ «መኪና አለኝ»። «መዒ ፉሉስ» ደግሞ «ከእኔ ጋር ገንዘብ» ማለት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚስማማው «ገንዘብ ይዣለሁ» ነው፤ ቤቱ ያስቀመጠውን ሳይሆን ኪሱ ያለውን ነው የሚናገረው።

በባሕረ ሰላጤው ከሠሩ እህቶችና ወንድሞች አንደበት የምንሰማው «ማፊ ሙሽኪላ» ከዚህ ቤተሰብ ነው። በንግግር አረብኛ «ፊ» ብቻዋን «አለ» ማለት ሆናለች፤ «ማ ፊ» ደግሞ «የለም»። ከተለያየ አገር የመጡ ሠራተኞችና አሠሪዎቻቸው በሚግባቡበት የተደባለቀ አረብኛ ውስጥ «ፊ» ከዚህም አልፋ የ«ነው»ን ቦታ ይዛ ትገኛለች። «አነ ተዕባን»፣ «ደክሞኛል»፣ በቂ ሆኖ ሳለ «አነ ፊ ተዕባን» የሚሉ አሉ። ይህን እንደ ስንፍና የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ማሰሪያ ካለው ቋንቋ የመጣ ጆሮ ክፍተቱን ሰምቶ በሚያውቃት ቃል ሞላው። ሆኖም ይህን ለምዶ ወረቀት ላይ ያለ አረብኛ ማንበብ የጀመረ ሰው «ፊ»ን ባየ ቁጥር «ነው» ካለ ይሳሳታል፤ በጽሑፍ ቋንቋ «ፊ» በአብዛኛው «ውስጥ» ብቻ ናት።

ሌላው ምርጫ በ«ነው» እና በ«ይሁን» መካከል ነው። «አስ-ሰላሙ ዐለይኩም» ግሥ የለውም፤ ቃላቱ «ሰላም በእናንተ ላይ» ናቸው። ማንም «ሰላም በእናንተ ላይ ነው» ብሎ አይተረጉመውም፤ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ነው። «አላሁ አክበር» ደግሞ በቅርጹ ከ«አል-በይት ከቢር» ጋር አንድ ነው፤ ግን «ይሁን» አይባልበትም፣ የሚመሰክረው እውነት ነውና «ነው» ይባላል። «አክበር» የማወዳደሪያ ቅርጽ ስለሆነ ከ«ታላቅ ነው» ይልቅ «ከሁሉ በላይ ታላቅ ነው» ወደሚለው ያዘነብላል። «አል-ሐምዱ ሊላህ» በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ «ምስጋና ለአላህ ነው» ቢባል መግለጫ፣ «ምስጋና ለአላህ ይሁን» ቢባል የሚያቀርበው ምስጋና ይሆናል። አረብኛው መምረጥ አላስፈለገውም። አማርኛም እንግሊዝኛም ግን ግሥ ሲያስገቡ አንዱን ይመርጣሉ። በሕግ ጽሑፍም ይኸው ይገጥማል። ቅድም ያየነው የውል መስመር የሚያወራው ስለ ግዴታ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች «ኢዝ»ን ትተው «ሻል ቢ» ይላሉ፤ በአማርኛም «የዓመት ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈልበት ይሆናል» ማለት ለውል ቋንቋ ይቀርባል።

«አል» ሁልጊዜ በአማርኛ «ኡ» ትሆናለች ብሎ ማሰብም ያሳስታል። «አል-ዒልሙ ኑር» የታወቀ የአረብ አባባል ነው። «ዕውቀቱ ብርሃን ነው» ብንለው ስለ አንድ ሰው ዕውቀት የምናወራ ይመስላል። አረብኛ ስለ አንድ ነገር ዓይነት በጠቅላላው ሲናገር «አል»ን ይጠቀማል፤ አማርኛ ባዶውን ስም ይወስዳል፣ «ዕውቀት ብርሃን ነው»። እንግሊዝኛም እዚህ ላይ «ዘ» አይፈልግም። ደግሞም አባባል ስለሆነ «ዕውቀት ብርሃን» ብሎ ማቆም ለአማርኛ ነውር የለውም፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ስንል እኮ እኛም ያለ ማሰሪያ እየተናገርን ነው።

ከሁሉ በላይ ተርጓሚን የሚያጋልጠው ግን በታሪክ መሀል የሚገባው ግሥ አልባ ሐረግ ይመስለኛል። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ «ኸረጀ ወየዱሁ ፊ ጀይቢሂ» የሚል አለ እንበል። «ኸረጀ» ወጣ፤ «ወ» እና፤ «የዱሁ» እጁ፤ «ፊ ጀይቢሂ» ኪሱ ውስጥ። የተማርነውን ሕግ ብንከተል «ወጣ፤ እጁም ኪሱ ውስጥ ነው» ይመጣል። ጊዜው ተሰበረ፤ ሰውዬው ትናንት ወጥቶ እጁ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ያለ ይመስላል። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ «ወ» ማያያዣ መሆኗ ቀርቶ ሁኔታ ትነግረናለች፣ ግሥ አልባው ሐረግም ጊዜውን ከዋናው ግሥ ይበደራል። እንግሊዝኛው «ዊዝ» በሚል ቃል ያስተካክለዋል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ የሚመስል መሣሪያ አለው፤ «እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ»። «ከቶ» በአረብኛው ውስጥ የለም፣ ግን ሥዕሉን ሳያዛንፍ የሚያመጣው እሱ ነው። «ደኸለ ወሁወ ሐዚን»ም እንደዚሁ፤ «ገባ፤ እሱም ያዘነ ነው» አይደለም፣ «አዝኖ ገባ» ነው። ምልክቱን ለማየት አይከብድም፤ ከኃላፊ ግሥ በኋላ «ወ» መጥታ፣ ተከትሏት ግሥ ሳይሆን ተውላጠ ስም ወይም ባለቤቱን የሚያመለክት ስም ከመጣ፣ «ነው»ን ረስቶ እንደ «ከቶ» ወይም «አዝኖ» ያለ ቃል መፈለግ ነው።

አሁን ረዘም ያለውን እንሞክር፤ «አር-ረጁል አለዚ የስኩኑ ፊ አል-በይት አል-ሙጃዊር ሊል-መስጂድ ጠቢብ»። መነሻው «አር-ረጁል»፣ ሰውዬው። ቀጥሎ የመጣው «አለዚ» የእኛ «የሚ» ነው፤ «የስኩኑ» ይኖራል። ግሥ አገኘን ብለን እዚህ ብንቆም ተሳስተናል፤ ግሡ የ«የሚ» ግሥ ነው፣ የዐረፍተ ነገሩ አይደለም። «ፊ አል-በይት» ቤቱ ውስጥ። «አል-ሙጃዊር» አዋሳኝ፤ «አል» አለው፣ ከጎኑ ያለው ቤቱም «አል» አለው፣ ስለዚህ ቤቱን ይገልጻል። «ሊል-መስጂድ» ለመስጊዱ፤ «አል» ከ«ሊ» ጋር ተጣብቃ አለች። በመጨረሻ «ጠቢብ»፣ ሐኪም፤ «አል» የለውም፣ ወንድና ነጠላ ነው፣ ከሰውዬው ጋር ይስማማል። መጋጠሚያው ከፊቱ ነው። አማርኛው ሁሉን ገልብጦ ይወስደዋል፤ «ከመስጊዱ አጠገብ ባለው ቤት የሚኖረው ሰውዬ ሐኪም ነው»። «ጠቢብ»ን ከመጨረሻ ብናነሳው የቀረው በሙሉ የሰውዬው መግለጫ ብቻ ይሆናል፣ ዜና የለውም።

ስምምነትን ስንፈትሽ አንድ ነገር እንዳያደናግረን። የሰው ያልሆነ ብዙ ቁጥር በአረብኛ እንደ አንዲት ሴት ይቆጠራል። «አል-ቡዩት ከቢራ» ሲል «ከቢራ» የሴት ነጠላ ቅርጽ ነው፤ አማርኛው ግን «ቤቶቹ ትልልቅ ናቸው» እንጂ «ትልቅ ናት» አይደለም።

ደንቡ ሁሉ ታውቆ እንኳ የማይፈታ መስመር ይገኛል። «በይት አል-ሙዲር ከቢር» ቢሆን ቀላል ነው፤ «ከቢር» «አል» ስለሌለው «የሥራ አስኪያጁ ቤት ትልቅ ነው»። «በይት አል-ሙዲር አል-ከቢር» ቢሆን ግን ማሰሪያ የለበትም፣ ሐረግ ነው፤ የትኛው ነው ትልቁ? ቤቱ ከሆነ «የሥራ አስኪያጁ ትልቁ ቤት»፣ ሥራ አስኪያጁ ከሆነ «የትልቁ ሥራ አስኪያጅ ቤት»። በተሟላ አነባብ የመጨረሻው ቃል «ከቢሩ» ከሆነ የመጀመሪያው፣ «ከቢሪ» ከሆነ ሁለተኛው ነው። ጋዜጣና ውል ግን እነዚህን አናባቢዎች አይጽፉም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም የቃላቱ ቅደም ተከተል ሳይወሰን መጻፍ አይቻልም። እዚህ ላይ የሚረዳው የዙሪያውን አንቀጽ ማንበብ ነው፤ ያም ካልፈታው ተርጓሚው ሁለቱንም ትርጉም ጽፎ ወረቀቱን ያመጣውን ሰው ይጠይቃል።